ቁልፉ ትእምርት ነው ወይስ ግጥሙ አሌጎሪ? ፈትሾ የመለያ መንገድ

ግጥም ውስጥ ቁልፍ፣ ወንዝ ወይም ወፍ ሲገጥመን አብዛኞቻችን ቶሎ ብለን «ይሄ ምንን ይወክላል?» እንላለን። ጥያቄው ለአንዳንድ ግጥም ልክ ነው። ሌላውን ግን ገና ሳናነበው ያበላሽብናል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ሐሳቡን የተሸከመው አንድ ምስል ነው ወይስ ግጥሙ ከነሙሉ ታሪኩ?

አንድ ምስል ራሱን መሆኑን ሳይተው ከራሱ ያለፈ ነገር ሲያሳስበን ትእምርት እንለዋለን፤ ሲምቦል የሚባለው ማለት ነው። ታሪኩ በሙሉ፣ ከነሰዎቹና ከነድርጊታቸው፣ ከሥሩ ሌላ ታሪክ ይዞ አብሮ ሲራመድ ደግሞ አሌጎሪ ይሆናል። ትርጓሜው እስከዚህ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ግጥም ፊት ተቀምጦ መለየቱ ላይ ነው። ለዚህ እንዲመች ሁለት አጫጭር ግጥሞች ጽፌያለሁ። ሆን ብዬ ሁለቱንም ስለ ቁልፍ አድርጌአቸዋለሁ፤ ልዩነቱ ዕቃው ላይ እንዳልሆነ እንድታዩት።

የመጀመሪያው ይኸውና፦

አባት ባረፈ ወር ቤቱን ስናጸዳ፣
ልብሱን ለዘመዱ ጫማውን ለባዳ፣
ሰጥተን ስናበቃ ከአሮጌው ኮት ኪሱ፣
አንድ ቁልፍ ወደቀ የዛገበት ጥርሱ።
በሩን ሞከርንበት ሣጥን ሞከርንበት፣
አንዱም አልገጠመው ሁሉም ጠበበበት።
እህቴ «ጣለው» ስትል እኔም «እሺ» ብዬ፣
ይኸው ይዤው አለሁ ከቁልፌ አንጠልጥዬ።

ሁለተኛው ደግሞ ይሄ ነው፦

ሦስት ቁልፍ ያለው ቤት አባት አወረሰ፣
ለሦስቱ ልጆቹ አንዳንድ አደረሰ።
አንዱ ቁልፉን ቀብሮ «ጠፋኝ» አለ ምሎ፣
ሁለተኛው ሸጠው ዋጋውን አቃሎ፣
ሦስተኛው ብቻውን በሩ ላይ ቁጭ አለ፣
በያዘው አንድ ቁልፍ ሌሊቱን ታገለ።
ዝናቡ መጣና ሦስቱንም መታቸው፣
«ቤት አለን» እያሉ ጎርፉ ወሰዳቸው።

እነዚህን ሁለቱን «ኮቱ» እና «ሦስቱ ልጆች» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

አንደኛ፦ የላዩን ታሪክ በዝርው ጻፉት

ምንም ትርጉም ሳትፈልጉ፣ ግጥሙ ውስጥ የሆነውን ነገር በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አባት ሞተ። ልጆቹ ዕቃውን ሲያከፋፍሉ የማይታወቅ ቁልፍ አገኙ። ምንም አልከፍት አላቸው፤ አንዱ ልጅ ግን አልጣለውም።» ይሄ ኮቱ ነው። «አባት በሦስት ቁልፍ የሚከፈት ቤት አወረሰ። አንዱ ልጅ ቁልፉን ደበቀ፣ አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ብቻውን ሞከረ። ዝናብ መጥቶ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰዳቸው።» ይሄ ደግሞ ሦስቱ ልጆች።

አሁን የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡትና አንድ ነገር ጠይቁ። ይሄ ነገር ጎረቤት ቤት ሆነ ብሎ ሰው ቢነግራችሁ እንዲሁ ታምናላችሁ? የኮቱን ማንም ያምናል። ሰው ሲሞት ኪሱ ውስጥ ምን ምን እንደሚገኝ እናውቃለን። የሦስቱ ልጆች ላይ ግን ጥያቄ ይበዛል። ሦስት ቁልፍ የሚፈልግ መኖሪያ ቤት ምን ዓይነት ነው? ሦስተኛው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ከሚታገል በሩን ለምን አልሰበረውም? መስኮት የለውም እንዴ? የተሸጠውን ቁልፍ ማን ገዛው፣ ምን ሊያደርግበት?

ልብ በሉ፤ ግጥሙን ስናነብ እነዚህ ጥያቄዎች አልመጡብንም። ታሪኩ ለሌላ ነገር እንደተሠራ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ ገብቶናል። ላዩ እንደ ተራ ታሪክ ሲፈተሽ የሚንገጫገጭ፣ እንደ ግጥም ሲነበብ ግን የማያስቸግር ከሆነ የአሌጎሪ ሽታ አለ ማለት ነው። ማስረጃ ነው አልልም፤ ምልክት ነው። ፍጹም ሊሆን የሚችል ታሪክ ይዞ የሚሄድ አሌጎሪም አለና።

ይቺን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። በኔ አስተያየት አብዛኛው ስሕተት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ላዩን በቅጡ ሳያይ ወደ ውስጥ የሮጠ ሰው ኮቱን አንብቦ «ቁልፉ እውቀት ነው፣ ዝገቱ ድንቁርና ነው» ብሎ ያርፈዋል። እህትየዋ የት ገባች ሲባል መልስ የለውም።

ሁለተኛ፦ ከሥራው በላይ ቦታ የተሰጠውን ምስል ፈልጉ

ግጥም ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ትእምርት አይደለም። ኮቱ ላይ ልብስ አለ፣ ጫማ አለ፣ በር አለ፣ ሣጥን አለ። ልብሱና ጫማው አንድ ስንኝ ላይ ታይተው ሄዱ። ሥራቸው ቤቱ እየተጸዳ እንደሆነ መንገር ነው፤ ነገሩ፣ አለቀ። ቁልፉ ግን አራተኛው ስንኝ ላይ ከወደቀ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አልለቀቀንም። ጥርሱ ሳይቀር ታየ። ሰዎቹ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ እሱን ይዞ ነው። የመጨረሻውን ስንኝም የያዘው እሱ ነው።

ስለዚህ የምትፈልጉት ይሄን ነው። ምስሉ ይደጋገማል ወይ? ከሌሎቹ ይልቅ ዝርዝር ተሰጥቶታል ወይ? መታጠፊያው ወይም መዝጊያው ላይ ቆሟል ወይ? ለታሪኩ ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ትኩረት ሰጥቶታል ወይ? የማይከፍት ቁልፍ ተግባራዊ ጥቅም የለውም። ልጁ ግን ይዞት ይዞራል። ጥቅሙ ባለቀበት ቦታ ላይ ትኩረቱ ካላለቀ፣ እዚያ ጋ ትእምርት አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ርግብ ሰላም ናት፣ መስቀል መከራ ነው፣ ንጋት ተስፋ ነው የሚባሉ አስቀድመው የተዘጋጁ ትርጉሞች አሉ። ግጥም ውስጥ ርግብ ስላለች ብቻ ሰላም አትሆንም። ግጥሙ ራሱ ያንን ሥራ ሰጥቷታል ወይ ብሎ ማየት ነው። ጣሪያ ላይ ተቀምጣ አንዴ ታይታ የሄደች ርግብ፣ ወፍ ናት።

ሦስተኛ፦ ለውጡትና ምን እንደሚቀር እዩ

ከሁሉም ደረጃ የምተማመነው በዚህኛው ነው። ምስሉን አውጥታችሁ በቦታው ሌላ አስገቡ። ከዚያ ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንዳልተቀየረ እዩ።

ኮቱ ላይ ቁልፉን አውጥተን የቆመ የእጅ ሰዓት እናስገባ። አባት ሞተ፣ ዕቃው ሲከፋፈል የማይሠራ ሰዓት ከኪስ ወጣ፣ ሊያሠሩት ሞከሩ፣ አልሆነም፣ እህት ጣለው አለች፣ ልጁ አልጣለውም። ታሪኩ ሳይነካ ቆመ። ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ። ሰዓቱ ስለ ቆመ ጊዜ፣ ስላለቀ ዕድሜ ያሳስበናል። ቁልፉ የሚያሳስበን ይህን አልነበረም። የሆነ ቦታ ላይ አባትየው የሚከፍተው፣ ልጆቹ የማያውቁት ነገር እንደነበረ ነው። ምናልባት ሌላ ቤት፣ ምናልባት ምስጢር፣ ምናልባት ሰውየው ራሱ። ምስሉ ሲቀየር ታሪኩ ይቆያል፤ ትርጉሙ ይሄዳል።

አሁን ሦስቱን ልጆች እንሞክር። ቁልፎቹን ብቻ አውጥተን ሦስት ሰዓት ብናስገባ ምንም አይሰጥም። በሩ የሚከፈተው በምንድን ነው? ታሪኩ ወዲያው ይፈርሳል። ስለዚህ አንዱን መቀየር አይቻልም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ መቀየር ግን ይቻላል። ቤቱ ጀልባ ይሁን፣ ቁልፎቹ መቅዘፊያ፣ ዝናቡ ማዕበል። አባት በሦስት መቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ አወረሰ፤ አንዱ መቅዘፊያውን ደበቀ፣ አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ብቻውን ቀዘፈ፣ ማዕበሉ ሦስቱንም አሰጠመ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ በጋራ ካልያዙት የሚጠፋ የጋራ ነገር።

ልዩነቱ ይሄው ነው። ትእምርት ላይ ምስሉን ብትቀይሩ ታሪኩ ይቀራል፣ ትርጉሙ ይለወጣል። አሌጎሪ ላይ ምስሎቹን በሙሉ ብትቀይሩ ታሪኩ ሌላ ይሆናል፣ ትርጉሙ ይቀራል። ምክንያቱም አሌጎሪ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከሐሳቡ ነው፤ ለሐሳቡ ልብስ ይፈልግለታል። ትእምርት ላይ ግን ሐሳቡ ከዕቃው ጋር አብሮ ነው የተወለደው፤ ሊላቀቁ አይችሉም። ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ ስለ ሁለቱ ሲጽፍ ወደዚህ የቀረበ ነገር ብሏል። አንደኛው ገጣሚ አጠቃላዩን ይዞ ለሱ የሚሆን ዝርዝር ይፈልጋል፤ ሌላኛው ዝርዝሩን ሲያይ አጠቃላዩን በውስጡ ያያል። ጎተ ሁለተኛውን ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ እዚህ ላይ አልከተለውም። ጥሩ አሌጎሪ ከደካማ ትእምርት ይሻላል።

አራተኛ፦ ሁለት ዓምድ ሥሩ፤ ግሦቹንም አስገቡ

ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ በአንድ በኩል ግጥሙ ውስጥ ያሉትን ነገሮች፣ በሌላው በኩል ሊወክሉ የሚችሉትን ጻፉ። ይሄን ብዙ ሰው ያደርገዋል። የሚረሳው ግን ግሡ ነው። ስም ከስም ማጣመር ቀላል ነው፤ ማንኛውንም ዕቃ ከማንኛውም ሐሳብ ጋር ማጋባት ይቻላል። ድርጊቱም አብሮ ከተሻገረ ግን ነገሩ እውነት ነው።

ሦስቱ ልጆች ላይ ቤቱን የጋራ ሀብት በሉት፤ አገር፣ ማኅበር፣ የቤተሰብ ድርጅት፣ የፈለጋችሁት ይሁን። አባትየው ያለፈው ትውልድ ነው። ቁልፎቹ የየሰው ድርሻ። እዚህ ድረስ ስም ነው። አሁን ግሦቹን አሻግሩ። መቅበር፦ ድርሻን ደብቆ የለኝም ማለት። መሸጥ፦ የጋራውን ለግል ጥቅም ማውጣት። ብቻውን መታገል፦ ቅን ሆኖ ግን ያለሌሎቹ ምንም አለመቻል። መዝነብ፦ ደጉንም ክፉውንም ሳይለይ የሚመጣ መከራ። «ቤት አለን» ማለት፦ በስም ብቻ ባለቤት መሆን። አንድም ግሥ አልቀረም፤ ቅደም ተከተላቸውም ተጠብቋል። ይሄ አሌጎሪ ነው።

ያው ወረቀት ላይ ኮቱን ሞክሩት። ቁልፉ፦ የአባት ምስጢር እንበል። እሺ። ልብሱን ለዘመድ መስጠት ምንድን ነው? ጫማውን ለባዳ? እህትየዋ ማን ናት፤ ረስቶ መኖር ናት? «እሺ» ብሎ አለመጣሉስ? ለእያንዳንዱ መልስ ፈልጎ ማምጣት ይቻላል፤ ግን እየጎተታችሁ እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ መልስ ከሌላው ጋር አይያያዝም። እህት እህት ናት፤ ጫማውም ጫማ። ዓምዱ ከአንድ ረድፍ በላይ አልሞላ ሲል ያ የእናንተ ድክመት አይደለም። ግጥሙ ትእምርት እንጂ አሌጎሪ እንዳልሆነ እየነገራችሁ ነው።

ሌላም ነገር ታያላችሁ። ሦስቱ ልጆች ላይ ሰዎቹ መልክ የላቸውም። «አንዱ»፣ «ሁለተኛው»፣ «ሦስተኛው» ናቸው። የሚታወቁት በአንድ ድርጊት ብቻ ነው። ኮቱ ላይ ግን ልጁ አፉ እሺ ብሎ እጁ እምቢ ይላል። እንዲህ ዓይነት የተደባለቀ ሰው ለአሌጎሪ ይከብደዋል፤ የአንድ ሐሳብ ወንበር አይበቃውምና።

አምስተኛ፦ ላዩ የተቀደደበትን ቦታ ፈልጉ

ይሄን በእውነተኛ ሥራ ላይ ማየት ይሻላል። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ከቁጥር 1 እስከ 7 ያለውን የወይን ቦታ መዝሙር ውሰዱ። በኮረብታ ላይ የወይን ቦታ የነበረው ሰው አለ። መሬቱን ቆፈረ፣ ድንጋዩን ለቀመ፣ ምርጥ ወይን ተከለ፣ መካከሉ ላይ ግንብ ሠራ፣ መጥመቂያ ማሰ። መልካም ፍሬ ሲጠብቅ መጥፎ ፍሬ ወጣለት። እስከዚህ ድረስ ያዘነ ገበሬ ታሪክ ነው። ማንኛውም ሰሚ ያምነዋል።

ቁጥር 3 ላይ ግን ባለቤቱ ሰሚዎቹን «በእኔና በወይን ቦታዬ መካከል ፍረዱ» ይላል። ይሄኔ አንድ ነገር ተነካካ። ገበሬ ከማሳው ጋር ተካሶ አያውቅም። ወይን ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም። ቁጥር 5 ላይ አጥሩን እነቅላለሁ ሲል እንደገና ገበሬ ሆነ። ቁጥር 6 ላይ ደግሞ ዝናብ እንዳያዘንቡበት ደመናዎቹን አዝዛለሁ አለ። እዚህ ጋ ላዩ ፈጽሞ ተቀደደ። ደመና የሚያዝ ገበሬ የለም። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ከስሙ በፊት በሥልጣኑ ታወቀ። ቁጥር 7 መጥቶ የወይን ቦታው የእስራኤል ቤት፣ ተክሉም የይሁዳ ሰዎች መሆናቸውን ሲናገር ሰሚው ግማሹን አስቀድሞ ደርሶበታል። ደግሞም የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን አወቀ። የመዝሙሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ግጥም ስታነቡ የላዩ ታሪክ ባሕርይ የማይችለውን ነገር የሚያደርግበት ቦታ ካለ አስምሩበት። የሚከስ ገበሬ፣ የሚጸጸት ወንዝ፣ ስም የለሽ ሆኖ ሕግ የሚያወጣ ሰው። ከሥር ያለው ታሪክ ብቅ የሚለው በዚያ ቀዳዳ ነው። እርግጥ ወንዝ ተጸጸተ ማለት ሰውኛ ዘይቤ ብቻም ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው አንድ ስንኝ ላይ ተከፍቶ እዚያው ከተዘጋ ዘይቤ ነው። ከፊቱና ከኋላው ካሉት ነገሮች ጋር ከተያያዘ ግን አሌጎሪ ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ከዚሁ መዝሙር አንድ ገደብም እንማር። ቁጥር 7 የሚፈታው ወይኑን፣ ተክሉንና ፍሬውን ነው። ግንቡና መጥመቂያው ምን እንደሆኑ አይናገርም። ጥንታዊው የአራማይክ ትርጓሜ ግንቡን መቅደስ፣ መጥመቂያውን መሠዊያ አድርጎ ፈታው። ያምራል። መዝሙሩ ራሱ ግን ያንን አልጠየቀም። ለባለቤቱ ያልተቆጠበ ድካም ማሳያ ሆነው ቢቀሩ ምንም አይጎድልም። አሌጎሪ ነው ማለት እያንዳንዱ ድንጋይ መልስ አለው ማለት አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ነገሮችና የሚያያይዟቸው ግሦች ከተሻገሩ በቂ ነው፤ የቀረው የታሪኩ ሥጋ ነው።

የሚያሳስቱ ቦታዎች

ትልቁ ወጥመድ «ሙሉ ግጥሙ ስለ አንድ ምስል ከሆነ አሌጎሪ ነው» ብሎ ማሰብ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ብሌክ በ1794 ያሳተመው ስለ ታመመች ጽጌረዳ የሚናገር ስምንት ስንኝ ግጥም አለ። በውስጡ ጽጌረዳዋ፣ በማዕበል ሌሊት የሚበርር የማይታይ ትል፣ የጽጌረዳዋ የቀይ ደስታ አልጋ፣ የትሉም ጨለማና ምስጢራዊ ፍቅር አሉ፤ ይህ ፍቅር ሕይወቷን ያጠፋል። ከዚህ ውጭ ምንም የለም። ከዳር እስከ ዳር ምስል ነው፤ ግሦቹም ይሻገራሉ። ታዲያ አሌጎሪ ነው?

ወደ ሦስተኛው ፈተና መልሱት። ጽጌረዳዋን በአፕል፣ ትሉን በነቀዝ ብትቀይሩ የሚቀር አንድ ሐሳብ አለ ወይ? ያልታየ ነገር ውስጥ ገብቶ አጠፋ የሚል አጽም ብቻ ይቀራል። የአልጋው ቀይ ደስታ፣ ፍቅሩ ምስጢር መሆኑ፣ ያ የሚያሳፍርም የሚያሳዝንም ስሜት አብሮ ይጠፋል። ደግሞም አንዱ አንባቢ ሥጋዊ ፍቅር፣ ሌላው ቅናት፣ ሌላው የኃጢአት ስሜት ይለዋል፤ ግጥሙ አንዱንም አይከለክልም። እኔ ትእምርት ነው የምለው፤ ግጥሙን በሙሉ የሞላ ትእምርት። ስፋቱ ሳይሆን አያያዙ ነው የሚለየው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ብዙ ፍቺ መኖሩ ብቻውን ትእምርት አያደርግም። የሮማው ሆራስ በማዕበል ስለተጎዳች መርከብ የጻፈው ኦድ የሚባል ግጥም አለ፤ በአንደኛው መጽሐፉ 14ኛው ነው። መምህረ ንግግሩ ኩዊንቲሊያን ለአሌጎሪ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል። መርከቢቱ መንግሥት፣ ማዕበሉ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ወደቡ ሰላም ናቸው ብሎ ነው የፈታው። በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ አይ፣ መርከቢቱ ሴት ናት አሉ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን እየተከራከረ ያለው ከሥር ያለው ታሪክ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ከሥር ታሪክ መኖሩ ላይ ተስማምተዋል። ሁለቱም ዓምዱን ይሞላሉ፤ የሚሞሉት በተለያየ ነገር ነው። የጽጌረዳዋ አንባቢዎች ግን ዓምዱን አይሞሉም፤ አንድ ረድፍ ላይ ቃል ይደረድራሉ።

ሌላው መምታታት ከተለዋጭ ዘይቤ ጋር ነው። ግጥሙ ገና ሲጀምር «ትዳር መርከብ ነው» ብሎ እስከ መጨረሻው ስለ ሸራውና ስለ ነፋሱ ቢያወራ፣ ያ የረዘመ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ሁለቱም ነገሮች ላይ ላይ አሉ። አሌጎሪ አንዱን ይደብቃል፤ ቢገልጠውም እንደ ኢሳይያስ መጨረሻ ላይ ነው። በተግባር ድንበሩ ቀጭን ስለሆነ ብዙ አልጨቃጨቅበትም።

«እሺ፣ ሰምና ወርቅስ?» የሚል አይጠፋም። ሰምና ወርቅ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በኅብረ ቃል ላይ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ሲሰማ ስንኙ ይከፈታል። ቃሉን በተመሳሳይ ትርጉሙ ብትቀይሩት ወርቁ ይጠፋል። አሌጎሪ ግን በቃል ላይ አይቆምም። ሦስቱን ልጆች በፈለጋችሁት ሌላ ቃል፣ በዝርውም ጭምር ብትተርኩት ሁለተኛው ታሪክ አይጠፋም። አንድ ቅኔ ሁለቱንም ሊይዝ እንደሚችል ግን ግልጽ ነው።

የተቀላቀለም አለ። ሦስቱ ልጆች ላይ መጨረሻ አካባቢ ሁለት ስንኝ ጨምረን፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሦስተኛው ልጅ በጨበጠው መዳፉ ላይ የቁልፉ ቅርጽ ታትሞ ተገኘ ብንል፣ ያ ምስል ከዓምዱ ይወጣል። «ድርሻ» የሚለው መልስ አይበቃውም። ትጋቱ ነው? ግትርነቱ? ብቸኝነቱ? አሌጎሪ ውስጥ የተቀመጠ ትእምርት ይሆናል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ግጥሙን በአንድ ስም ለመጥራት አትጨነቁ፤ ሙሉው በዚህ ይሠራል፣ ይቺ ቦታ በዚያ ትሠራለች ብሎ መለየት ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ያገኛችሁትን እንዴት ትጽፉታላችሁ?

ለይታችሁ ስትጨርሱ አጻጻፋችሁም ይለያል። አሌጎሪ ከሆነ «ነው» ማለት ትችላላችሁ። «ቤቱ የጋራ ሀብት ነው፣ ቁልፎቹ የየሰው ድርሻ ናቸው፣ ስለዚህ የሁለተኛው ልጅ መሸጥ የሁሉንም ቤት መሸጥ ነው።» «ስለዚህ» የምትለዋን ቃል አስተውሉ። አንዱ ፍቺ ሌላውን ካላስከተለ ዓምዱን እንደገና እዩት።

ትእምርት ከሆነ «ነው» ብላችሁ አትዝጉት። «ቁልፉ የአባትየው ምስጢር ነው» ከማለት ይልቅ፣ ምስሉ ምን እንደሚያደርግ ከግጥሙ እየጠቀሳችሁ ተናገሩ። «ቁልፉ ከበርም ከሣጥንም ጋር ስላልገጠመ ልጆቹ የማያውቁት የአባታቸው ክፍል እንደነበረ ይጠቁማል፤ ልጁ ከራሱ ቁልፎች ጋር አንጠልጥሎ መያዙ ደግሞ ሊከፍተው የማይችለውን ነገር እንደ ራሱ አድርጎ መቀበሉን ያሳያል።» ይጠቁማል፣ ያሳያል፣ ያሳስባል የሚሉት ግሦች እዚህ ፈሪነት አይደሉም፤ ልኩ እነሱ ናቸው። ሁለተኛ ንባብ ካላችሁም ከጎኑ አስቀምጡት። ከግጥሙ ስንኝ አውጥታችሁ ልትጠቅሱለት የማትችሉትን ግን ተዉት፤ «ዝገቱ ድንቁርና ነው» የሚለው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስንኙ የዛገው ጥርሱ እንደሆነ ብቻ ነው የሚለው፤ የዛገ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተነካ ቁልፍ እንደሆነ ይናገራል። አባትየው ራሱ ከሞተበት ቀን ቀደም ብሎ መክፈቱን ትቶት እንደነበር ማለት ነው፤ ይህም ንባቡን ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል።